ለአረጋውያን የእግር ጉዞ ቡድን የመክፈቻ ንግግር፦ አራቷን ደቂቃ እንዴት እናዘጋጃት?

የሰፈራችን እድር አረጋውያን አባላቱን በሳምንት ሦስት ቀን ወክ ለማስደረግ ሲያስብ አሰልጣኝ ሁን ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ለመጀመሪያው ቀን ንግግርም አዘጋጀሁ። ስለ ደም ዝውውር፣ ስለ አጥንት መሳሳት፣ ስለ ስኳርና ስለ ኮሌስትሮል። ሃያ ደቂቃ ገደማ አወራሁ። አሥራ ስምንት ሰዎች እድር ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆመው ሰሙኝ። ወደ መጨረሻው ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ አጥሩ ጠጋ አሉ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ እያሉ መሬት ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ውሃ ሰጥተን፣ እግራቸውን ከፍ አድርገን፣ ትንሽ ከቆዩ በኋላ ተሻላቸው። «እማማ፣ ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?» አልኳቸው። «ንግግርህን ላቋርጥብህ እንዴ ልጄ? ነውር አይደለም?» አሉኝ።

ያን ቀን ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛ፣ አረጋውያንን አቁሞ ረጅም ንግግር ማድረግ ራሱ ያሳምማል። ሰው ዝም ብሎ ሲቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል። በወጣትነት ሰውነት ቶሎ ያስተካክለዋል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ማስተካከሉ ይዘገያል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛውና ዋናው ነገር ይሉኝታ ነው። እኚያ እናት ሊወድቁ እየደረሱ እንኳ ዝም ያሉት እኔን ላለማሳፈር ነው። መንገድ ላይ ደረታቸውን ቢጨመድዳቸውም ዝም ይሉ ነበር።

ስለዚህ አሁን የመክፈቻ ንግግር ስጽፍ የማስበው አንድ ነገር ነው። ሰው ሲደክመው፣ ሲያመው ያለ ሀፍረት እንዲቆም በሁሉም ፊት ፈቃድ መስጠት። ሌላው ሁሉ ለዚህ ማገዣ ነው። ከዚህ በታች ያለው እኔ የምሠራበት አካሄድ ነው። ሙሉ ንግግሩንም አስቀምጫለሁ፤ ለሰፈራችሁ አስተካክላችሁ ተጠቀሙበት።

መጀመሪያ መንገዱን ሂዱበት

ንግግሩን ከመጻፋችሁ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ሰዓት ይዛችሁ መንገዱን ተመላለሱበት። ብቻችሁን አትሂዱ። ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ሰው ይዛችሁ በእሳቸው እርምጃ ሂዱ። እኔ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለውን አምስት መቶ ሜትር ብቻዬን ስሄደው አምስት ደቂቃ አካባቢ ነበር የወሰደብኝ። ምርኩዝ ከሚይዙ ጎረቤቴ ጋር ስሄደው አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። ንግግሬ ውስጥ «አምስት ደቂቃ ነው» ብዬ ቢሆን ኖሮ ገና ከመነሻው ቃሌን አጥፌ ነበር።

በመንገዱ ላይ የምትፈልጉት የሚቀመጡበትን ቦታ፣ ሽንት ቤቱን፣ የሚያዳልጠውን ወይም የሚያደናቅፈውን ነገር ነው። የተነሳ ድንጋይ፣ ክዳኑ የተነሳ የቱቦ ጉድጓድ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚደፋበት የሱቅ ደጃፍ። ውሻ የሚለቀቅበት ግቢም ካለ እወቁት። አቀበት ካለ ለመጀመሪያው ወር ተዉት። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ለሜዳው እንኳ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ሰሞኑን ከቆላ የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ ለሱ ይበልጥ ይከብደዋል።

ስለ ሽንት ቤት ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ማንም አያነሳውም። ከግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት የሚያበዙ ናቸው። ብዙ እናቶች ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣባቸው ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ውሃ አይጠጡም። አንዳንዶቹም ያን ቀን መድኃኒቱን ይዘሉታል። ከዚያ መንገድ ላይ ያዞራቸዋል። ሽንት ቤቱ የት እንዳለ በንግግሩ ውስጥ በግልጽ ከተነገረ ይህ ይቀራል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለውን ሽንት ቤት እንድንጠቀም ባለቤቱን ቀድሜ አስፈቅጃለሁ።

መንገዱን ካወቃችሁት ንግግሩ ውስጥ ሜትር አትጠሩ። «አምስት መቶ ሜትር» ለብዙ ሰው ምንም አይነግረውም። «እስከ ወፍጮ ቤቱ» ካላችሁ ግን ሁሉም በዓይኑ ያየዋል። አቅሙን ይለካል፣ ይወስናል።

ሕመም የሚጠየቀው ለብቻ ነው

በመክፈቻው ቀን በሰው ፊት «ስኳር ያለበት እጁን ያውጣ» ማለት ትልቅ ስህተት ነው። እጁን የሚያወጣ አይኖርም። የሚያወጣም ካለ ቅር ብሎት ነው። ይህን ቀድማችሁ፣ ቤታቸው ሄዳችሁ ወይም በስልክ፣ አንድ በአንድ ጨርሱት። የምጠይቀው ጥቂት ነው። ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ሲሄዱ ወይም ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን ተጭኖዎት ያውቃል? ባለፈው ዓመት ወድቀው ወይም ራስዎን ስተው ያውቃሉ? አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን እንደውል? መልሱን በትንሽ ካርድ ጽፌ ኪሴ ውስጥ አደርገዋለሁ።

ሲንቀሳቀሱ ደረታቸውን የሚጫናቸው፣ በቅርቡ ራሳቸውን የሳቱ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ካሉ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወይም ሐኪማቸው ጋ ይሂዱ። በመክፈቻው ቀን መጥተው ሻይ ይጠጡ፣ ይጫወቱ። መራመዱ ግን ከሐኪሙ በኋላ ነው። ይህን ስትነግሯቸው «አይችሉም» አትበሉ። «ቦታዎን ይዤልዎታለሁ፣ ሐኪሙን ጠይቀን እንጀምራለን» በሉ።

ቦታው፣ ፀሐይዋና ድምፃችሁ

እድር ያለው ትልቁ ሀብት አግዳሚ ወንበር ነው። ድንኳን ሲተከል የሚወጡት እነዚያ ረጃጅም አግዳሚዎች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስለኛል። በግማሽ ክብ ደርድሯቸው። ሁሉም ተቀምጦ ይስማ።

ፀሐይ ከማን ፊት ለፊት መሆን እንዳለባት አስቡ። ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሆነ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ዓይን ትወጋለች። እናንተ ወደ ፀሐይዋ ዙሩ፤ እነሱ ጀርባቸውን ይስጧት። እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ እናንተ ፊት ላይ ያርፋል። ጆሮው የደከመ ሰው ከንፈር እያየ ነው የሚሰማው። ፊታችሁ ጥላ ውስጥ ከሆነ ግማሹን ያጣዋል።

ድምፅን በተመለከተ ጩኸት መፍትሔ አይደለም። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ስንጮህ ድምፃችን ይቀጥናል። ስለዚህ ወፈር አድርጋችሁ፣ ረጋ ብላችሁ፣ በየዓረፍተ ነገሩ መሃል ትንፋሽ እየወሰዳችሁ ተናገሩ። ሙዚቃ ካለ አጥፉት። ጆሯቸው የሚከብዳቸውን ከፊት አስቀምጡ። «እርስዎ አይሰሙምና ወደፊት ይምጡ» ሳይሆን «ጋሼ፣ እዚህ አጠገቤ ይሁኑልኝ» ብላችሁ።

ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ

ከንግግሩ የምናወጣውን ልጀምር፤ ከባዱ እሱ ነው። የእግር ጉዞ ጥቅም ይውጣ። ሰዎቹ በጠዋት ተነስተው የመጡት አምነውበት ነው። የእንግዶች ንግግር ይውጣ። የእድሩ ሰብሳቢ ወይም ከወረዳ የመጣ ሰው መናገር ከፈለገ ከጉዞው በኋላ፣ ሻይ እየተጠጣ ይናገር። ይህን በዋዜማው ተነጋግራችሁ ጨርሱት። በዕለቱ ሰው ፊት መከልከል አይቻልም። የዕድሜ ነገርም ይውጣ። «ለዕድሜያችሁ ይህ ይበቃል» የሚል ቃል እንዳይወጣችሁ። «እናቶቼ፣ አባቶቼ» በቂ ነው።

የሚገባው አራት ነገር ብቻ ነው። የት ድረስ ሄደን መቼ እንመለሳለን። በምን ፍጥነት። ሲደክም ምን ይባላል። ምን ሲሰማ ወዲያው ይቆማል። አምስተኛ ስትጨምሩ ከአራቱ አንዱ ይረሳል። ይህን በተደጋጋሚ አይቼዋለሁ።

ሙሉ ንግግሩ

ይኸው እኔ የምለው። ረጋ ብዬ ሳነበው ከአራት ደቂቃ አያልፍም።

«እንደምን አደራችሁ እናቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ አባቶቼ። ተቀመጡ፣ ማንም እንዳይነሳ። አጭር ነው የማወራው።

እኔን ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ሰፈር ነው ያደግኩት። ዛሬ አብረን ወክ እናደርጋለን።

የምንሄደው እስከ ወፍጮ ቤቱ ነው። እዚያ አግዳሚ አለ። ቁጭ ብለን ውሃ እንጠጣለን፣ ከዚያ እንመለሳለን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ነን። ሽንት ቤት እዚህ አለ፣ ወፍጮ ቤቱም ጋ አለ። ስለዚህ ውሃ ጠጡ።

ፍጥነታችን የወሬ ፍጥነት ነው። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር እየተጫወታችሁ ሂዱ። ወሬው ከተቆራረጠባችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ቀስ በሉ።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይሉኝታን ዛሬ እዚህ እንተዋት። ሲደክማችሁ እጃችሁን ከፍ አድርጉና ‹ነፋስ እንቀበል› በሉ። ሁላችንም እንቆማለን። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንዱ ሲያርፍ ሌላውም ያርፋል።

ከሦስት ነገሮች አንዱ ከተሰማችሁ ግን ነፋስ መቀበል ብቻውን አይበቃም። ደረት ሲጫን ወይም ሲጨመድድ። ራስ ሲያዞር። ቆማችሁም ትንፋሽ አልመለስ ሲል። ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ወዲያው ቁጭ በሉና ጥሩኝ። ጓደኛችሁ ላይ ካያችሁም ጥሩኝ። ይህ ማሳበቅ አይደለም።

ቢጫ ኮፍያ ያደረገችው ልጅ ከኋላ ናት። ከእሷ ኋላ የሚቀር ሰው የለም። መመለስ የፈለገ ለእሷ ይንገራት፣ ቤቱ ታደርሰዋለች።

አሁን ምርቃት እንቀበል። ከዚያ ቀስ ብለን እንነሳለን።»

እያንዳንዱ ቃል ለምን እንደገባ

«የወሬ ፍጥነት» የሚለው በሕክምናውም የታወቀ መለኪያ ነው። መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ያለ ሰው ማውራት ይችላል፣ መዝፈን ወይም መዘመር ግን ይከብደዋል። እየሄዱ መዝሙር መዘመር ከቻሉ ትንሽ መፍጠን ይችላሉ። ሁለት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ከፈለጉ መቀነስ አለባቸው። አንዳንድ አሰልጣኞች የልብ ምት ያስቆጥራሉ። ለአረጋውያን አልመክረውም። አቴኖሎልን የመሰሉ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች የልብ ምትን ዝቅ አድርገው ይይዛሉ። ሰውየው እጅግ ደክሞት ቆጠራው ግን ደህና ይመስላል። ወሬ እንዲህ አያሳስትም።

«ነፋስ እንቀበል» የሚለውን ለማግኘት ብዙ ፈልጌያለሁ። መጀመሪያ «ደከመኝ በሉ» ነበር የምለው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድም ሰው አላለውም። «ደከመኝ» ማለት ለእነሱ ሽንፈት ነው። «ነፋስ እንቀበል» ግን ግብዣ ነው። ለሌላው አሳቢ ሆኖ የመታየት ክብር አለው። ይሉኝታን በልመና አታባርሩትም። ክብሩን ሳትነኩ መውጫ በር ትከፍቱለታላችሁ።

«ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው» የምትለዋን እንዳትቆርጡ። ሽማግሌ ደረቱን ሲይዘው የሚለው እሱን ነው። «ብርድ መታኝ»፣ «ጨጓራዬ ተነሳ»። የልብ ሕመም ደግሞ ሁልጊዜ እንደ ውጋት አይመጣም። መጫን፣ መጨምደድ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ መሄድ ሊሆን ይችላል። በሴቶችና ስኳር ባለባቸው ላይ የደረት ሕመም ሳይኖር የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽና ድንገተኛ ድካም ብቻ ሊሆንም ይችላል። ይህን ሁሉ ንግግሩ ውስጥ አልከተትኩም፤ ይበዛል። አሰልጣኙና ቢጫ ኮፍያዋ ልጅ ግን ማወቅ አለባቸው።

«ማሳበቅ አይደለም» የሚለው ከአንድ አባት የተማርኩት ነው። ጓደኛቸው ግድግዳ ይዘው ሲሄዱ አይተው አልነገሩኝም። «ሰውን ማጋለጥ አልወድም» አሉኝ በኋላ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ቀድሜ ፈቃድ ሰጠሁ።

በጾም ወቅት አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ። «ጾም የያዛችሁ ዛሬ እስከ ጽዱ ድረስ ሂዱና ተመለሱ።» ጽዱ በግማሽ መንገድ ላይ ያለ ዛፍ ነው። በረመዳንም እንዲሁ። ውሃ ሳይጠጡ፣ ባዶ ሆድ ለሚሄዱ ግማሹ ይበቃል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር ዝቅ የሚያደርግ ኪኒን እየወሰዱ የሚጾሙ ካሉ ግን ይህ የመድረክ ነገር አይደለም። ለብቻቸው አነጋግሯቸው። ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ጋር ሳይመክሩ አይሂዱ።

ልምምድ፦ ለአንድ ሰው አንብቡለት

ንግግሩን ጮክ ብላችሁ በሰዓት አንብቡት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ቁረጡ። ከዚያ ለአንድ አረጋዊ አንብቡላቸውና ቡና ጠጡ። ቡናው ሲያልቅ ሦስት ነገር ጠይቁ። የት ድረስ ነው የምንሄደው? ሲደክም ምን ይባላል? ደረት ቢጫን ምን ይደረጋል? ከሦስቱ አንዱን ካላስታወሱ ጥፋቱ የዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ቀይሩት። እኔ መጀመሪያ «መጠነኛ የልብና የመተንፈሻ እንቅስቃሴ እናደርጋለን» የሚል ነበረኝ። እናቴ ከዚያ ውስጥ «ልብ» የሚለውን ብቻ አስታወሰች። «ልብ ሊመረምሩ ነው እንዴ?» አለችኝ። «የወሬ ፍጥነት» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከወረቀት አታንብቡ። ወረቀት ስታዩ ፊታችሁ ይደፋል፣ ድምፃችሁም መሬት ላይ ይቀራል። አራቱን ነገር በመዳፋችሁ ላይ በአራት ቃል ጻፉ። ወፍጮ ቤት፣ ወሬ፣ ነፋስ፣ ደረት።

የዕለቱ ውሎ

ምርቃቱን ለማን እንደምትሰጡ ቀድማችሁ ወስኑ፤ ንገሯቸውም። ብዙ ጊዜ በዕድሜ ትልቁ ናቸው። ቡድኑ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ካለ «ለሁላችንም ጤና የሚሆን» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያውቁበታል። ምርቃት ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ተቀምጠው ነው የሚመረቀው። የተለመደው ተነስቶ መመረቅ ቢሆንም እኔ «ተቀምጠን አሜን እንበል» እላለሁ። እስካሁን የተቀየመኝ የለም።

ከምርቃቱ በኋላ «እንነሳ» ብላችሁ ጥድፊያ አትፍጠሩ። እንደተቀመጡ ተረከዝና ጣት እያነሱ አሥር ጊዜ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ። ይህ እግር ላይ የተጠራቀመውን ደም ይገፋዋል። ከዚያ አግዳሚውን ይዘው ይነሱ። እስከ አሥር ተቆጥሮ ሳያልቅ እጃቸውን አይልቀቁ። የሚያዞረው ሰው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ መሃል ጫማ ተመልከቱ። ነጠላ ጫማ የሚያዳልጥና ከእግር የሚወልቅ ነው። የታሰረ፣ ተረከዙ የያዘ ጫማ ይሻላል። መሬት የሚነካ ነጠላ ካለ «እናቴ፣ ይቺን ላስተካክልልዎ» ብላችሁ ሰብስቡላቸው። ምርኩዝ የያዘ ሰው ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ መያዝ አለበት። ቀኝ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ምርኩዙ በግራ እጅ ነው። አብዛኛው ሰው የሚይዘው በሚያመው በኩል ነው።

አሁን ዋናው። ከተነሳችሁ ከአራት ደቂቃ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ እናንተ ራሳችሁ እጃችሁን አንሱ። «ነፋስ እንቀበል» በሉ። ሁሉም ይቁም። የንግግሩ ቃል እውነት መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። ወጣቱ አሰልጣኝ ከቆመ የሚያፍር የለም። ይህን ባልሠራሁባቸው ቀናት እጁን የሚያነሳ አልነበረም።

አንድ ፈጣን አባት ሁልጊዜ አይጠፉም። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ከፊት ይቀድማሉ፤ ሌሎቹም ይከተሏቸዋል። አትገሥጹ። «አባባ፣ እኚህን እናት ያጫውቱልኝ» ብላችሁ ከዝግተኛዋ ጋር አጣምሯቸው። ዘግይተው ለሚመጡ ደግሞ ቢጫ ኮፍያዋ ልጅ አራቱን ነገር በአጭሩ ትንገራቸው። አማርኛ የማይቀናቸው ካሉ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ጎናቸው ይቀመጥ። ደረት የሚለውን ክፍል ተርጉሞ ሲጨርስ ነው የምትቀጥሉት።

ንግግሩ እንዳልያዘ በምን ይታወቃል?

በመጀመሪያው ሳምንት ማንም እጁን ካላነሳ ሁሉም ደህና ነው ብላችሁ አትደሰቱ። ይሉኝታው አልለቀቀም ማለት ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹን እዩ። ሲጫወት የነበረ ሰው በድንገት ዝም ይላል። ጫማ ለማሰር ደጋግሞ ያጎነብሳል። ሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ የሚያይ መስሎ ይቆማል። አጥር ይዞ ይሄዳል። ከነዚህ አንዱን ስታዩ ስም ሳትጠሩ «ነፋስ እንቀበል» በሉና አጠገባቸው ሂዱ።

ንግግሩ ውስጥ ከጠራናቸው ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ እንኳ ከታየ ሰውየው ይቀመጥ። ቤቱ በእግሩ አይመለስ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ዋዜማውን ግን መኪና ያለው ጎረቤትም አነጋግሩ፤ ለቅርብ መንገድ እሱ ቶሎ ሊደርስ ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ከተንቀጠቀጠ፣ ላብ ካጠመቀው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ አሟምታችሁ ስጡት። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙለት። ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካልቻለ ግን ምንም በአፉ አትስጡ፤ ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰዱት። እኔ የስኳር ፓኬትና የውሃ ጠርሙስ በቦርሳ ይዤ ነው የምሄደው።

በሁለተኛው ቀን ሙሉውን ንግግር አትድገሙ። ተቀምጠው እያሉ «እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ በወሬ ፍጥነት። ሲደክመን ምን እንላለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ራሳቸው ይመልሱ። በአንድ ድምፅ ሲመልሱ ከእናንተ ይልቅ ቃሉን እነሱ ይዘውታል።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት አዲስ አባላት መጡ። ንግግሩን የነገሩልኝ በመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት እናት ናቸው። አንድ ነገርም አረሙልኝ። «እጃችሁን ከፍ አድርጉ ትላለህ። እኔ ትከሻዬ አይነሳም፣ እኚህም አይነሳላቸውም። እጁ የማይነሳለት በምርኩዙ መሬቱን ይምታ በል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግግሩ ውስጥ ገብታለች። እናንተም ከ«ነፋስ እንቀበል» ቀጥላችሁ አስገቧት።